“ሞር ቤተር መጣች!” ሲሉኝ አንገቴን እደፋለሁ

“እኔ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር ነው። አሁን ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ተቀምጬ በአንድ ሱቅ ሻጭ ሆኜ እሠራለሁ። በቅርቡ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ ሰምቼ ማመልከቻ አስገባሁ። በእንግሊዝኛ ይሁን ስለተባለ ማንንም ሳልጠይቅ ራሴ ነው የጻፍኩት። መጨረሻው ላይ ‘ሥራውን ብትሰጡኝ ይበልጥ የተሻለ እሠራለሁ’ ለማለት ብዬ ‘አይ ዊል ዱ ሞር ቤተር’ ብያለሁ።

“ኃላፊው ደብዳቤዬን ሠራተኞቹ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ደጋገመውና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝና ‘ትክክል የሆነውን ራይት፣ ስሕተት የሆነውን ኤክስ አድርጊ’ አለኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‘ሞር’ ባየሁበት ኤክስ፣ ‘ሞስት’ ባየሁበት ኤክስ፣ ጭራው እንደ ‘ቤተር’ የሆነውን ሁሉ ኤክስ አደረግሁ። ከአምስቱ ሁለት አገኘሁ። ከወር በኋላ ደግመሽ መፈተን ትችያለሽ ብሎ ሸኘኝ።

“ከአስተናጋጆቹ አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው። እሱ ያወራው ወሬ ይኸው እስከ ዛሬ ‘ሞር ቤተር መጣች!’ እያሰኘኝ ነው። ከሁሉ የከፋብኝ ግን የታናሽ ወንድሜ ነገር ነው። ስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ የማስጠናው እኔ ነበርኩ። አሁን ደብተሩን ከእኔ ይደብቃል።

“ጥያቄዬ ይህ ነው። በአማርኛ ‘ይበልጥ የተሻለ’ ብል ማንም አይስቅብኝም። በሬዲዮም ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ስለው ምን አጠፋሁ? ሁለተኛውን ፈተናስ እንዴት አድርጌ ልለፈው?

“ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን።”

ውድ አንባብያን፣ ደብዳቤው እንደ ደረሰን በመጀመሪያ እኛም ፈገግ ማለታችንን አንደብቅም። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ ቀላል አይደለምና። እውነትም በአማርኛ ትክክል የሆነ ነገር በእንግሊዝኛ ለምን ያስቃል? ይህን ይዘን ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ያስተማሩ አንድ መምህር ዘንድ ሄድን። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁን “መምህሩ” እያልን እንቀጥላለን።

ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና “ልጄ፣ ይህች ልጅ አልተሳሳተችም እኮ። አማርኛዋን በታማኝነት ነው የተረጎመችው። ጥፋቱ ያለው ከሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ነው” አሉን።

ጥፋቱ ከየት መጣ?

እስቲ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ብርዷ አጥንት የሚገባ ከተማ ናት። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳ ቆላ ውስጥ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። እንግዲህ ሁለቱን ስናወዳድር “ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት ይበልጥ ቀዝቃዛ ናት” እንላለን። እዚህ ላይ “ቀዝቃዛ” የሚለውን ቃል ልብ ብለው ይዩት። ምንም አልሆነም። ብቻዋን ስንጠራት “ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ናት” እንላለን፤ ስናወዳድራትም ያው “ቀዝቃዛ” ነው። ጭራ አልተቀጠለበትም፣ መልኩ አልተለወጠም።

ታዲያ ማወዳደሩን የሠራው ማነው? “ከ” ናት። ያቺ ከሸዋ ሮቢት ፊት የተለጠፈችው አንዲት ፊደል! “ይበልጥ” የሚለው ቃል እንኳ ማጠንከሪያ ነው እንጂ የግድ አይደለም። “ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ትቀዘቅዛለች” ቢባል ማንም ይገባዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ “ይበልጥ” የሚለውን ቃል የሚያየው እንደ ቅመም ነው። ቢጨመር ይጥማል፣ ባይጨመር ወጡ አይበላሽም። ሲፈልግም ይደርበዋል። “በጣም” ብቻውን በቂ ሆኖ ሳለ “እጅግ በጣም” ይላል። “የተሻለ” ማለት ራሱ ማወዳደር ሆኖ ሳለ “ይበልጥ የተሻለ” ይላል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የቋንቋው ወግ ነው።

እንግሊዝኛ ግን ሌላ ወግ አለው። እሱ ማወዳደሩን የሚያኖረው ቅጽሉ ላይ ነው። ቅጽል የምንለው ያው ነገሩ እንዴት ያለ እንደሆነ የሚነግረን ቃል ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ቀላል፣ ውድ፣ ርካሽ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጭራ መቀጠል ነው። “ኮልድ” ቀዝቃዛ ነው፣ “ኮልደር” ከሌላው የበለጠ ቀዝቃዛ ነው፣ “ኮልደስት” ከሁሉም የቀዘቀዘ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከፊቱ “ሞር” ወይም “ሞስት” ማስቀደም ነው። “ኤክስፔንሲቭ” ውድ፣ “ሞር ኤክስፔንሲቭ” ከሌላው የበለጠ ውድ፣ “ሞስት ኤክስፔንሲቭ” ከሁሉም የበለጠ ውድ። ዋናው ነገር እነዚህ ሁለት መንገዶች ተተኪዎች እንጂ ጓደኛሞች አለመሆናቸው ነው። አንዱ ካለ ሌላው የለም። ሁለቱም አንድ ቅጽል ላይ ሲገኙ ነው እንግዲህ “ሞር ኮልደር”፣ “ሞስት ኢዚየስት”፣ “ሞር ቤተር” የሚባለው ስሕተት የሚፈጠረው።

መምህሩ ይህን ሲያስረዱን “አንድ ሰው ላይ ሁለት ጋቢ ደርበህ እንደ ማየት ነው” አሉ። “በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለት ጋቢ ብትደርብ ማንም አይፈርድብህም። እንግሊዝኛ ግን ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ጋቢ ብቻ ነው።”

የተደበቁት ቃላት

የእኅታችን ጉዳት የደረሰው ደግሞ በጣም ሾላካ በሆነው ቃል ነው። “ኮልደር” ውስጥ “ኮልድ” በግልጽ ይታያል። ጭራው እንደተቀጠለ ዓይን ያየዋል። “ቤተር” ግን የመጣው ከ“ጉድ” ነው። ጉድና ቤተር በምን ይገናኛሉ? አንድ ፊደል እንኳ አይጋሩም። ስለዚህ ተማሪው “ቤተር”ን የሚይዘው ራሱን እንደቻለ ቃል፣ “ጥሩ” ወይም “ደኅና” እንደማለት አድርጎ ነው። ከዚያ ማወዳደር ሲፈልግ “ሞር” ይጨምርበታል። ውስጡ ማወዳደር እንዳለበት አላወቀም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መስሎ ከታየ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንይ። “መጣ፣ ይመጣል” ካልን በኋላ ሰው ስንጠራ ምን እንላለን? “ና” እንላለን፤ ለሴት “ነይ”። “ምጣ” የሚል የለም። “ና” ከ“መጣ” ጋር የሚጋራው ፊደል የለውም፤ ግን የእሱ ቤተሰብ ነው። የአማርኛ ተማሪ የሆነ ፈረንጅ ይህን በቃሉ ከመያዝ ሌላ መንገድ የለውም። እኛም “ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት”ን እንደዚያው በቃል መያዝ ነው።

ደግነቱ እንደዚህ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት፤ ጥሩ፣ የተሻለ፣ ከሁሉ የተሻለ። ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት፤ መጥፎ፣ የከፋ፣ ከሁሉ የከፋ። ሊትል፣ ሌስ፣ ሊስት፤ ጥቂት፣ ያነሰ፣ ከሁሉ ያነሰ። ከእነዚህ ውስጥ ለዓይን ክፉው “ወርስ” ነው ይላሉ መምህሩ። “ቤተር” ቢያንስ ጭራው “ኧር” የሚል ድምፅ ስላለው የነቃ ተማሪ ይጠረጥረዋል። “ወርስ” ግን እንደዚያ ያለ ጭራም የለው። “ሞር ወርስ” የሚል ዓረፍተ ነገር ፊት ቀርቦ ጎበዝ የተባለው ልጅ ሳይቀር ራይት አድርጎ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይተዋል።

ፍርሃት ያሳታት ፈተና

አሁን ወደ አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች እንመለስ። እኅታችን በቃሏ ይዛ ልካልናለች። እኛም እንደ አነበብናቸው አድርገን በፊደላችን እናቀርባቸዋለን።

አንደኛ፣ “ደብረ ብርሃን ኢዝ ሞር ኮልደር ዛን ሸዋ ሮቢት።” ሁለተኛ፣ “ሂ ኢዝ ዘ ሞስት ኦነስት ማን ኢን ዘ ታውን።” ሦስተኛ፣ “ዚስ ብላንኬት ኢዝ ማች ቺፐር።” አራተኛ፣ “ዚስ ኢዝ ዘ ሞስት ኢዚየስት ሮድ ቱ አንኮበር።” አምስተኛ፣ “ዊ ኒድ ሞር ቲቸርስ።”

እሷ አምስቱንም ኤክስ አድርጋለች። ስሕተት የሆኑት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንደኛውና አራተኛው። ስለዚህ ሁለት አገኘች። ልብ በሉ! ሁለቱን ስሕተቶች አግኝታለች፤ የወደቀችው ሦስቱን ንጹሐን አብራ በመወንጀሏ ነው። ከመሳቂያነቱ በፊት ስሕተትን ስሕተት ሳትል ታልፍ ነበር፤ ከመሳቂያነቱ በኋላ ደግሞ ትክክሉን ስሕተት ማለት ጀመረች። ሁለቱም አንድ ጉድለት ነው። ምልክቱን እንጂ ነገሩን አላየችም።

መምህሩ ተማሪዎቻቸውን የሚያስለምዷቸው አንድ አካሄድ አለ። መጀመሪያ ቅጽሉን ፈልግ። ቀጥሎ ከቅጽሉ ፊት “ሞር” ወይም “ሞስት” ቆሟል ወይ ብለህ እይ። ከዚያ የቅጽሉን ጭራ እይ፤ “ኧር” ወይም “ኧስት” ተቀጥሏል ወይ? ወይስ ከተደበቁት፣ ከነቤተር ከነወርስ አንዱ ነው? ፊቱም ጭራውም ምልክት ካለው ስሕተት ነው። አንደኛው ብቻ ካለው ትክክል ነው። ቅጽል ከሌለው ደግሞ ነገሩ እኛን አይመለከትም።

እስቲ አንድ በአንድ እንሞክረው። በአንደኛው ዓረፍተ ነገር ቅጽሉ ብርዱን የሚነግረን ነው። ፊቱ “ሞር” አለ። ጭራው “ኧር” አለ። ጭራው ሲቆረጥ “ኮልድ” ይቀራል፤ ቀዝቃዛ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ጋቢ ደርቧል፤ ኤክስ። አራተኛውም እንዲሁ ነው። ፊቱ “ሞስት”፣ ጭራው “ኧስት”፣ ሲቆረጥ “ኢዚ”፣ ቀላል። ኤክስ።

ሁለተኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። “ኦነስት” ጭራው “ኧስት” ይመስላል። ፊቱም “ሞስት” አለ። ታዲያ ለምን ትክክል ሆነ? ጭራውን ቁረጡትና እዩት። ምን ቀረ? ምንም። ትርጉም ያለው ቃል አልቀረም። ምክንያቱም ያ ጭራ አልተቀጠለም፣ አብሮት የተወለደ ነው። “ኦነስት” ማለት ሐቀኛ ማለት ብቻ ነው፤ “ከሁሉ የበለጠ ሐቀኛ” ማለት አይደለም። ስለዚህ “ሞስት” ያስፈልገዋል። “ሞደስት”ም፣ ትሑት ማለት ነውና፣ እንዲሁ ነው።

ከ“ኧር” ወገን ደግሞ “ክሌቨር” አለ፤ ብልህ ማለት ነው። “ቢተር” አለ፤ መራራ ማለት ነው። “ዚስ ኮፊ ኢዝ ሞር ቢተር” ቢባል፣ ይህ ቡና ይበልጥ መራራ ነው ማለት ነውና ምንም ነውር የለበትም። እዚህ ላይ ግን መቁረጡ ብቻውን ሊያታልል ይችላል። “ቢተር” ሲቆረጥ “ቢት” የሚል ቃል ይቀራል፤ ትንሽ ቁራጭ ማለት ነው። ዛሬ በትርጉም ከመራራነት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ከቆረጡ በኋላ አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፤ የቀረው ቃል ከሙሉው ጋር አንድ ትርጉም አለው ወይ? ኮልድና ኮልደር ሁለቱም ስለ ብርድ ነው የሚያወሩት። ቢትና ቢተር ግን በትርጉም አይገናኙም።

ሦስተኛው “ማች ቺፐር” ነው። ብርድ ልብሱ በጣም ይረክሳል ማለት ነው። ጭራው አለ፤ ፊቱ ያለው ግን “ማች” ነው እንጂ “ሞር” አይደለም። “ማች” አያወዳድርም፤ ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው የሚነግረን። ስለዚህ ትክክል ነው።

አምስተኛው “ሞር ቲቸርስ” ሲሆን ይህ ደግሞ ጭራሽ የተለየ ነው። “ቲቸር” ቅጽል አይደለም፤ አስተማሪ ማለት ነው። ጭራው “ኧር” የሚለው የሚሠራውን ሰው ነው። ቲች ማስተማር፣ ቲቸር የሚያስተምር፤ ፋርም ማረስ፣ ፋርመር የሚያርስ። “ሞር”ም ቁጥር ነው የጨመረው፤ ተጨማሪ አስተማሪዎች ያስፈልጉናል። ማንም ማንንም አልደረበም። ትክክል ነው።

ከሁለቱ ማን ይውጣ?

አንዳንድ ፈተና ኤክስ ማድረግ ብቻ ሳይሆን አርሞ መጻፍም ይጠይቃል። ሁለት ጋቢ ከተደረበ የትኛው ይውለቅ? ነገሩን የሚወስነው የቃሉ ርዝመት ነው። ቃሉን በአፍ ሲሉት በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ከሆነ፣ እንደ ኮልድ፣ ቺፕ፣ ሃይ፣ ጭራው ይቀራል፤ “ሞር” ይወጣል። በሁለት ተከፍሎ መጨረሻው “ኢ” ከሆነ፣ እንደ ኢዚ፣ ቢዚ፣ ሃፒ፣ አሁንም ጭራው ይቀራል። ሦስትና ከዚያ በላይ የሚከፈል ረጅም ቃል ከሆነ፣ እንደ ቢዩቲፉል፣ ዲፊከልት፣ ኤክስፔንሲቭ፣ “ሞር” ይቀራል፤ ጭራ አይቀጠልበትም። መሐል ያሉ እንደ ክሌቨር ያሉ ጥቂት ቃላት በሁለቱም መንገድ ይኬዳሉ፤ “ሞር ክሌቨር”ም “ክሌቨረር”ም ይባላል። ሁለቱን በአንድ ላይ ግን እነሱም አይችሉትም።

ይህን ሁሉ በፈተና ሰዓት ማሰብ ለሚያስጨንቀው ሰው መምህሩ አንድ አቋራጭ አላቸው። በብዙ ዓመት ልምዳቸው ተማሪ “ሞር” የሚደርበው አጭሩ ቃል ላይ ነው። “ቢዩቲፉለር” የሚል ልጅ ብዙ አላጋጠማቸውም፤ ምላስም አይቀበለውም። “ሞር ቢገር”፣ “ሞር ቤተር”፣ “ሞስት ኢዚየስት” የሚለው ግን ሞልቷል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ መውጣት ካለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፊት የቆመው “ሞር” ወይም “ሞስት” ነው። “አቡዬ ሜዳ በሸዋ ከሁሉ ከፍ ያለው ተራራ ነው” ለማለት “ዘ ሞስት ሃየስት” ተብሎ ከተጻፈ “ሞስት”ን አውጥቶ “ዘ ሃየስት” ማለት ይበቃል። ተራራው እንደሆነ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፤ በ“ሞስት” የሚጨመርለት ከፍታ የለም።

ታዲያ “ይበልጥ የተሻለ” እንዴት ይባል?

እኅታችን የጠየቀችው ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር። በአማርኛ የምታስበውን ያንን ማጠንከሪያ ትተው ማለት አይደለም። እንግሊዝኛም የራሱ ማጠንከሪያ አለው፤ “ሞር” ብቻ አይደለም። “ማች ቤተር” በጣም የተሻለ ነው። “ፋር ቤተር” እጅግ የተሻለ ነው። “ኢቨን ቤተር” ከዚያም ይብስ የተሻለ ነው። “ኤ ሊትል ቤተር” ትንሽ የተሻለ ነው። ስለዚህ “አይ ዊል ዱ ሞር ቤተር” በሚለው ፋንታ “አይ ዊል ዱ ኢቨን ቤተር” ብትል ኖሮ አሳቧ ሳይጎድል ኃላፊውም የሚስቅበት ባጣ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። “በጣም” የሚለውን “ቬሪ” ብለን ስለለመድነው “ቬሪ ቤተር” ማለት ይቀናናል። እሱም አይሆንም። “ቬሪ ጉድ” ይባላል እንጂ “ቬሪ ቤተር” አይባልም።

ደግሞ ሞርና ቤተር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለተገናኙ ብቻ መደንገጥ አያስፈልግም። “ዘ ሞር፣ ዘ ቤተር” የሚል የታወቀ አነጋገር አለ፤ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ይዘዋል፤ አንዱ ሌላው ላይ አልተደረበም። ፈታኞችም ይህን ለማሳሳቻ ሊያስገቡት ስለሚችሉ ማወቁ አይከፋም።

እንግሊዞቹስ ራሳቸው?

የሳቁት ሰዎች አንድ ነገር ቢያውቁ መልካም ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው በድሮ ጊዜ ይህን ድርብርብ ይጠቀሙበት ነበር። ከበደ ሚካኤል “ሮሜዎና ዡልየት”ን ወደ አማርኛ የመለሱለት ያ ታላቁ ሼክስፒር ሳይቀር በሌሎች ተውኔቶቹ ውስጥ ለማጠንከር ሲል “ሞር”ንና “ሞስት”ን ጭራ ባለው ቅጽል ላይ ደርቧል። በእሱ ዘመን የሚስቅበት አልነበረም። ሰዋስው ጸሐፊዎቹ ነገሩን ከስሕተት የቆጠሩት ከእሱ ብዙ ቆይተው ነው። ከእነሱ አንዱ ሮበርት ላውዝ የተባለ የሃይማኖት ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፉ ድርብርቡን ነቅፏል። የሚገርመው ግን በድሮው የመዝሙረ ዳዊት ትርጉም ውስጥ እግዚአብሔርን “ሞስት ሃየስት” የሚለውን አነጋገር እሱም ሊነካው አልፈለገም። ከከፍተኞች ሁሉ በላይ ለሆነው ይገባዋል አለ።

ወደ አንኮበር ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ኢዘንበርግ የተባለ የጀርመን አገር ሚስዮናዊ ከጓደኛው ከክራፕፍ ጋር ወደ ሸዋ መጣ። በኋላም የአማርኛ መዝገበ ቃላትና በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው ለንደን ላይ አሳተመ፤ የጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ለእሱ አማርኛውም እንግሊዝኛውም የአፍ መፍቻው አልነበረም። ከሁለት ባዕድ ቋንቋ መካከል ቆሞ መዳከር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዛሬ የአንኮበር ልጅ በተራዋ በዚያው ድልድይ ላይ ስትሄድ እግሯ ቢያዳልጣት የሚያስቅ ነገር የለበትም።

ይህን ስንል ግን “እንግሊዞችም ይሉት ነበር” ብላችሁ ፈተና ላይ ራይት አድርጉ ማለታችን አይደለም። የዛሬው መመዘኛ የዛሬው ነው። በማመልከቻ፣ በፈተናና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ድርብርቡ ስሕተት ነው፤ ነጥብም ያስቀንሳል።

ለእኅታችን

ስሜ ይቆይ ላልሽን እኅታችን። ለሁለተኛው ፈተና የቀረሽ ጊዜ አጭር ቢሆንም የምትይዢው ነገርም አጭር ነው። ቅጽሉን ፈልጊ፣ ፊቱን እይ፣ ጭራውን እይ፣ ጭራውን ቆርጠሽ የቀረው ዘመዱ መሆኑን ጠይቂ። ከተደበቁት ቤተር፣ ቤስት፣ ወርስ፣ ወርስት፣ ሌስ፣ ሊስት ስድስቱን በቃልሽ ያዢ።

መምህሩ አንድ ነገር አደራ ብለውናል። የወንድምሽን ደብተር ከእሱ ለምነሽ ውሰጂና አሥር አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊበት። አምስቱ ድርብርብ ይሁኑ፣ አምስቱ ንጹሕ ይሁኑ፤ ከንጹሐኑም ኦነስት፣ ቢተር፣ ቲቸርና ማች ቤተር አይጥፉ። ከዚያ ስሕተቱን እሱ ይፈልግልሽ። “ኤክስ” ባለ ቁጥር “ለምን?” ብለሽ ጠይቂው። ምክንያቱን መናገር ካቃተው በምልክት ነው የፈረደው ማለት ነውና አንቺ አስረጂው። በማግሥቱ ደግሞ እሱ ይጻፍ፣ አንቺ ፈልጊ።

ከእንግዲህ መንገድ ላይ “ሞር ቤተር መጣች!” ያለሽን ሰው አንገትሽን ቀና አድርገሽ “ሞር ምን አደረገልህ? ቤተር ብቻዋን ትበቃለች” በይው። ስሕተቱን አርመሽለት ታልፊያለሽ።